ከግራጫው መሀል አንድ ሰማያዊ ታክሲ

የሶቭየቱ የፊልም አዘጋጅ ሰርጌ አይዘንስታይን በ1925 እ.ኤ.አ. «የጦር መርከብ ፖተምኪን» የተሰኘውን ድምፅ አልባ ፊልሙን ሲሠራ አንድ ችግር ገጠመው። ያመፁት መርከበኞች የሚሰቅሉት ባንዲራ ቀይ መሆን ነበረበት። የዚያ ዘመን ፊልም ግን ቀይ ብርሃንን አይቀበልም ማለት ይቻላል፤ ቀይ ጨርቅ ቢቀረጽበት ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ነጭ ባንዲራ ተሰቅሎ ተቀረጸ። ከዚያም ባንዲራው የሚታይባቸው የፊልሙ ትንንሽ ምስሎች አንድ በአንድ በእጅ ቀይ ተቀቡ። ተመልካቹ በጥቁርና ነጭ ዓለም ውስጥ አንድ ቀይ ነገር ሲውለበለብ አየ።

ዛሬ ያው ሥራ በስልክ በጥቂት ደቂቃ ይሠራል። ፎቶ አንሺዎች «ሰሌክቲቭ ከለር» ይሉታል። ፎቶው በሙሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጥና አንድ ነገር ብቻ ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል፤ የሙሽራዋ እቅፍ አበባ፣ የሕፃኑ ኳስ፣ የመንገደኛዋ ጃንጥላ። አንዳንዱ ሥራ ሲታይ ቀለሙ እዚያው የበቀለ ይመስላል። ብዙው ግን ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ቀለሙ የተለየበት መንገድ፣ የጠርዙ አያያዝና የቀረው ግራጫ አሠራር። ሦስቱንም በአንድ ፎቶ ላይ እንያቸው።

ፎቶው የተነሣው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዝናብ እንዳባራ ነው። አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ቆሟል። ከፎቶው በስተግራ ተሳፋሪዎች ተሰልፈዋል፤ ወያላው በተከፈተው በር ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይጣራል። አስፋልቱ ላይ ውኃ ስለተኛ የታክሲው ሰማያዊ ከጎማዎቹ በታች ተገልብጦ ይታያል። የምንፈልገው ሌላው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ታክሲው ብቻ በቀለሙ እንዲቀር ነው።

በቀለም መለየት

የመጀመሪያው መንገድ ፕሮግራሙን «ሰማያዊውን ተው፣ ሌላውን አጥፋ» ማለት ነው። ለምሳሌ ላይትሩም ቀለማትን በስምንት ምድብ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የቀለም ድምቀት መቆጣጠሪያ ይሰጣል። ሰማያዊውን ሳይነኩ የሌሎቹን ወደ ‎-100 ማውረድ ብቻ ነው። ይህንን ፎቶው በሚነሣበት ጊዜ ራሳቸው የሚሠሩ ካሜራዎችም አሉ። ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ችግሩ የሚታየው ውጤቱ ላይ ነው።

በእኛ ፎቶ ላይ ብንሞክረው ታክሲው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ከኋላ ያለው የሱቅ ሸራም ሰማያዊ ነው። ከተሰለፉት ሰዎች የሁለቱ ጂንስ ሰማያዊ ነው። ኩሬው ውስጥ የሚታየው ሰማይ ሰማያዊ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቀለምን እንጂ ዕቃን ስላልሆነ ሁሉንም ይተዋቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ከታክሲው ራሱ ይቀንሳል። የፍሬቻው ብርቱካናማ ይጠፋል። ኮፈኑ ላይ የሰማይ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ሰማያዊነቱ የሳሳ ስለሆነ ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል፤ የመኪናው ቆዳ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው የተመረጠው ቀለም ከዕቃው በቀር ፎቶው ውስጥ የትም በማይገኝበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ቀይን ይመርጣል፤ ቀይ ግን ከሚታሰበው በላይ ተበትኖ ይኖራል። ከንፈር ላይ፣ ጉንጭ ላይ፣ ጡብ ላይ፣ ቀይ አፈር ላይ አለ። ቀይ ኳስ ያስቀረ ፎቶ ውስጥ የሕፃኑ ጆሮና ከንፈር ሮዝ ሆነው ሲታዩ ሥራው በዚህ መንገድ እንደተሠራ ወዲያው ይታወቃል።

በቦታ መለየት

ሁለተኛው መንገድ ዘገም ያለ ነው፤ የቀለሙን ድንበር ሰውየው ራሱ ያሰምራል። መሣሪያው «ማስክ» ይባላል። በቀለም ፎቶው ላይ አንድ ግራጫ ሻሽ ተዘረጋ እንበል። ማስኩ ሻሹ የት እንደሚሸፍንና የት እንደሚከፈት የሚወስን ካርታ ነው። ካርታው ላይ ነጭ በሆነው ቦታ ሻሹ ይሸፍናል፤ ጥቁር በተቀባው ቦታ ተከፍቶ የሥሩ ቀለም ይታያል። በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ግራጫ ከተቀባ ደግሞ ቀለሙ በከፊል ብቻ ይወጣል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

በነፃ በሚገኘው ጂምፕ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም አካሄዱ እንዲህ ነው። ፎቶው ከተከፈተ በኋላ በ Layer > Duplicate Layer ቅጂ ይፈጠራል። የላይኛው ቅጂ Colors > Desaturate በሚለው ሥር ወደ ግራጫ ይለወጣል። ከዚያ ለዚሁ ግራጫ ቅጂ በ Layer > Mask ሥር ማስክ ይጨመርለታል፤ ሲጠይቅ White (full opacity) ይመረጣል። እስካሁን የሚታየው ሙሉ ግራጫ ፎቶ ነው። አሁን ብሩሹን አንሥቶ፣ ቀለሙን ጥቁር አድርጎ ታክሲውን መቀባት ነው። ብሩሹ ያለፈበት ሁሉ ሰማያዊው ከሥር ይወጣል። እጅ ስቶ ከድንበር ያለፈ እንደሆነ ቀለሙን ወደ ነጭ ለውጦ በላዩ መመለስ ነው። ከሥር ያለው ፎቶ ስላልተነካ ምንም አይጠፋም።

በስልክ ለሚሠራ ስናፕሲድ የተባለው ነፃ መተግበሪያ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ Black & White ይመረጣል፤ ከዚያ በተሠሩት ለውጦች ዝርዝር፣ በ View edits ሥር ያንን ለውጥ በጣት እየቀቡ መሰረዝ ወይም መመለስ ይቻላል። እዚያ ላይ የብሩሹ ስፋት የሚወሰነው ምስሉ በጎላበት መጠን ነው። ምስሉን በሁለት ጣት ከፍተው ሲያጎሉት ብሩሹ ይጠብባል፤ ሲያሳንሱት ይሰፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ጠርዙን በሰፊ ብሩሽ ሲያበላሽ ይውላል።

አሁን ወደ ታክሲው እንመለስ። መቀባት ስንጀምር እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ሰማያዊው አካል ግልጽ ነው። የላይኛው ነጭስ? ነጭ ቀለም ስለሌለው ግራጫ ቢሆንም ለውጥ ያለው አይመስልም። ነገር ግን ደመና ባለበት ቀን ነጭ ነገር በትንሹ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ግራጫ ሲደረግ ያ ዝንባሌ ይጠፋና ጣሪያው የመንገዱ አካል ይሆናል። ታክሲው ወገቡ ላይ የተቆረጠ ይመስላል። ስለዚህ ጣሪያውም በማስኩ ውስጥ ይገባል።

መስታወቶቹ በተቃራኒው ግራጫ መሆን አለባቸው። በመስታወቱ ውስጥ የሚታዩት የተሳፋሪዎቹ ልብሶች ናቸው፤ እነሱን በቀለም መተው ቢጫ ሹራብና አረንጓዴ ሻርፕ ወደ ፎቶው ይጨምራል፤ አንዱ ቀለም ሦስት ይሆናል። ወያላውም ከሰዎቹ ወገን ነው፤ ከበሩ በላይ ያለው ክንዱና ፊቱ ግራጫ ይሁን። በሩን የጨበጡት ጣቶቹ ከሰማያዊው ጋር ስለሚነካኩ ከጠቅላላው ሥራ የበለጠ ጊዜ የሚወስዱት እነሱ ናቸው። ፍሬቻው የመኪናው አካል ስለሆነ ይቀራል። ብርቱካናማው ዓይን የሚስብ ከሆነ ግን ማስኩ ላይ እሱን ብቻ በመካከለኛ ግራጫ ቀብቶ ማደብዘዝ ይቻላል።

ከሁሉም የሚረሳው ነጸብራቁ ነው። ታክሲው ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ውኃ ግራጫ ቢያሳየው፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም የሆነ ነገር እንደተሳሳተ ይሰማዋል፤ መኪናው መሬት ያልነካ ይመስላል። ነጸብራቁን ሙሉ በሙሉ መክፈት ደግሞ የኩሬውን ሰማይ አብሮ ያመጣል። እዚህ ላይ ነው መካከለኛው ግራጫ የሚጠቅመው። ከጎማዎቹ አጠገብ ጥቁር፣ እየራቁ ሲሄዱ ለስለስ ባለ ብሩሽ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ። ሰማያዊው ወደ አስፋልቱ ገብቶ ቀስ በቀስ ይሟሟል።

ጠርዙ የሚናገረው

ፎቶው በስልክ ስክሪን ላይ ጥሩ መስሎ ታትሞ ሲመጣ በታክሲው ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ ጭጋግ የሚታይበት ጊዜ አለ። የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ጄፔግ የተባለው የፎቶ አቀማመጥ የፋይሉን መጠን ለመቀነስ የዓይናችንን ድካም ይጠቀማል። ዓይን ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ይለያል፤ የቀለምን ድንበር ግን ያን ያህል አይለይም። ስለዚህ አብዛኛው የስልክ ፎቶ ብርሃኑን ለእያንዳንዷ ነጥብ ይመዘግባል፤ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥቦች አንድ ጊዜ። ውጤቱ ቀለሙ ከዕቃው ድንበር አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ያህል ወደ ውጭ መፍሰሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ባለ ቀለም በሆነ ፎቶ ላይ ማንም አያየውም። ጎረቤቱ ግራጫ ሲሆን ግን ይጋለጣል። በማኅበራዊ መገናኛ ተልኮ እንደገና የተጨመቀ ፎቶ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ሥራ ከካሜራው በቀጥታ የወጣውን ፋይል መያዝ ያለብን ለዚህ ነው፤ በቴሌግራም የሚላክም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ።

መድኃኒቱ ማስኩን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ከታክሲው ድንበር ላይ ሳይሆን አንድ ሁለት ነጥብ ወደ ውስጥ ገብቶ መቀባት። ምስሉን ወደ 200 በመቶ አጉልቶ መሥራት ይህን ያቀልላል። ቀጥሎ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ እንዳይመስል ማስኩ ራሱ አንድ ነጥብ ያህል ይደበዝዛል፤ ጂምፕ ላይ ማስኩን መርጦ Gaussian Blur በትንሽ መጠን መጠቀም ይበቃል።

ይህ ልክ ግን ለሁሉም ጠርዝ አንድ ዓይነት አይደለም። ካሜራው ያተኮረው በታክሲው ፊት ላይ ስለሆነ የኮፈኑ መስመር ጥርት ያለ ነው፤ የመኪናው የኋላ ክፍል ግን በፎቶው ላይ ራሱ ደብዝዟል። ለደበዘዘ ጠርዝ ስለታም ማስክ ከተደረገ ያ ክፍል በመቀስ የተቀደደ ይመስላል። የማስኩ ልስላሴ የፎቶውን ልስላሴ ይከተል፤ ከፊት ጠንካራ ብሩሽ፣ ከኋላ ለስላሳ ብሩሽ።

ያመለጠ ቀለም መኖሩን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ ያስቸግራል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። የተጠናቀቀው ምስል በ Layer > New from Visible ወደ አንድ ሌየር ይቀዳል፤ ከዚያም Hue-Saturation በሚለው የቀለሙ ድምቀት እስከ መጨረሻው ይጨመራል። በትክክል ግራጫ የሆነ ቦታ ቀለም ስለሌለው አይለወጥም። የተረሳች የሹራብ ጫፍ ወይም ከድንበር ያለፈች የብሩሽ ጠብታ ካለች ግን እንደ ፋና ትበራለች። ቦታው ከታወቀ በኋላ የሙከራው ሌየር ይሰረዝና ማስኩ ይታረማል።

ግራጫውም ይሠራል

ብዙ ሰው ትኩረቱን ሁሉ ለታክሲው ሰጥቶ ግራጫውን ለፕሮግራሙ ይተዋል። ግራጫ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮግራሞች ቀለምን ወደ ግራጫ ሲለውጡ ለሦስቱ መሠረታዊ ቀለሞች እኩል ክብደት አይሰጡም፤ የሰው ዓይን አረንጓዴን ከሁሉ አብልጦ ብሩህ አድርጎ ስለሚያየው። በጣም በተለመደው ስሌት ከ100 ውስጥ 59 ያህሉ ከአረንጓዴው፣ 30 ከቀዩ፣ 11 ብቻ ከሰማያዊው ይወሰዳል።

ይህ በፎቶው ላይ ምን ያመጣል? ከሰልፉ ፊት ቀይ ጃኬት የለበሰች ሴት ቆማለች እንበል፤ ከጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር አለ። በቀለም ሲታዩ ሁለቱን የሚያሳስታቸው የለም። በዚህ ስሌት ግን ደማቁ ቀይና ጠቆር ያለው አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሴትየዋ አጥሩ ውስጥ ትሰምጣለች። የአይዘንስታይን ቀይ ባንዲራ ችግር በሌላ መልኩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። መፍትሔው ግራጫውን በአንድ ጠቅታ ከመሥራት ይልቅ የሦስቱን ድርሻ ራሳችን መወሰን ነው። ጂምፕ ላይ Mono Mixer የተባለው ለዚህ ያገለግላል፤ የቀዩ ድርሻ ከፍ ሲል ጃኬቱ ይፈካል፣ ፊቶችም ይበራሉ፣ አጥሩ ጥቁር ሆኖ ከኋላ ይቀራል። የሦስቱ ድምር ከ1 ብዙ እንዳይርቅ መጠንቀቅ ብቻ ያስፈልጋል፤ ካለፈ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

የታክሲውም ድምቀት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ግራጫ በከበበው ጊዜ ማንኛውም ቀለም ከነበረው በላይ ደማቅ ሆኖ ይታያል፤ የሚወዳደረው ሌላ ቀለም የለምና። ስለዚህ ሰማያዊውን «ጎልቶ እንዲወጣ» ብሎ መጨመር ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል መቀነስ ነው።

ቀለሙ ምን ሥራ አለው?

በዚህ ዘዴ እጅግ የታወቀው ምሳሌ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የሺንድለር ዝርዝር» የተሰኘው ፊልም ነው። ናዚዎች የክራኮው ከተማን የአይሁድ መንደር ሲያጠፉ ሺንድለር ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያያል። በሁከቱ መሀል አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ኮቷ ቀይ ነው። ቀይነቱ የሚጮህ አይደለም፤ የደበዘዘ ነው። ኋላ ላይ ያ ኮት ሬሳ በተጫነበት ጋሪ ላይ ይታያል። ተመልካቹ ልጅቱን ስሟን አያውቅም፣ ፊቷንም በቅጡ አላየም። ያወቃት በኮቷ ቀለም ነው። ቀለሙ ባይኖር ሁለተኛው ትዕይንት ትርጉሙን ያጣ ነበር።

የሠርግ አልበም ውስጥ ብቻውን ቀልቶ የቀረውን ጽጌረዳ ከዚህ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይታያል። ጽጌረዳው ቀይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ቀለሙ ምንም አዲስ ነገር አይናገርም። እንዲያውም ዓይንን ከሙሽሮቹ ፊት ይነጥቃል፤ ከዓመታት በኋላ አልበሙን የሚከፍተው ሰው የሚፈልገው ደግሞ ፊታቸውን ነው። የእኛ ታክሲ ከሁለቱ መካከል ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ያ ሰማያዊ የሚጠበቅ ነገር ምልክት ነው፤ በግራጫው ሰልፍ ውስጥ የቆሙት ሁሉ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እሱ ነው። ሰዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ማስክ ከንቱ ድካም ይሆን ነበር።

ለመፈተን የሚረዳ መንገድ አለ። ሙሉ ቀለሙን፣ ሙሉ ግራጫውንና አንድ ቀለም የቀረበትን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ ፎቶውን ከዚህ በፊት ላላየ ሰው «ይህ ፎቶ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለሦስተኛው «ሰዎች ታክሲ እየጠበቁ ነው» ካለ ቀለሙ ሥራውን ሠርቷል። «ታክሲው ሰማያዊ ነው» ካለ ያየው ዘዴውን እንጂ ፎቶውን አይደለም፤ ሙሉ ግራጫው ይሻላል። ፎቶው ለዜና የሚወጣ ከሆነ ግን ፈተናውም አያስፈልግም። በዜና ፎቶ ላይ አንዱን ሰው ወይም ዕቃ በቀለም ነጥሎ ማጉላት አንባቢው ያላየውን ፍርድ አስቀድሞ መስጠት ስለሆነ ቦታው አይደለም።

ፎቶው ወረቀት ላይ የሚታተም ከሆነ አንድ ሥራ ይቀራል። ሙሉ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በጥቁር ቀለም ብቻ ሊታተም ይችላል። የእኛ ግን ሰማያዊ ስላለበት በባለ ቀለም ማሽን ማለፍ አለበት፤ ማሽኑም ግራጫውን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ቀለሞችን ከጥቁሩ ጋር ቀላቅሎ ነው። ከእነዚህ አንዱ በትንሹ ከበዛ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ያዘነብላል። በተለመደ ፎቶ ማንም የማያየው ዝንባሌ እዚህ ላይ ሁለተኛ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ትልቁን ከማሳተም በፊት ትንሽ ናሙና አሳትሞ፣ አምፖል ሥር ሳይሆን በቀን ብርሃን ከነጭ ወረቀት ጎን ማየት ያስፈልጋል። አስፋልቱ ሮዝ መስሎ ከታየ የሚታረመው ማሽኑ ነው፤ ማስኩ አይነካም።